በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ደቂቃ ለየትኛው ማይክሮዌቭ ነው?

እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2007 በዩናይትድ ስቴትስ 41 ግዛቶች ውስጥ የሚኖሩ 401 ሰዎች በአንድ ዓይነት የሳልሞኔላ ባክቴሪያ መታመማቸው በምርመራ ተረጋገጠ። የጤና ባለሙያዎች ምንጩን ሲከታተሉ የደረሱት በረዶ ሆኖ ከሚሸጥ፣ ሥጋና አትክልት በሊጥ ተሸፍኖ ከሚዘጋጅበት ፓይ ነበር። አምራቹ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ምርቱን ከገበያ ሰበሰበ።

ባክቴሪያው በምግቡ ውስጥ መገኘቱ የታሪኩ ግማሽ ብቻ ነው። ምግቡ እስከ መሀሉ ድረስ በሚገባ ቢግል ኖሮ ባክቴሪያው ይሞት ነበር። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ባደረገው ማጣራት ስለ አበሳሰላቸው ከተጠየቁት ሕሙማን መካከል አብዛኞቹ ፓይውን ያሞቁት በማይክሮዌቭ ነበር። ማዕከሉ እንዳመለከተው ሸማቾች ብዙውን ጊዜ ማይክሮዌቫቸው ስንት ዋት እንደሆነ አያውቁም። በማሸጊያው ላይ የሰፈረው ደቂቃ ግን ትርጉም የሚኖረው ይህ ቁጥር ሲታወቅ ነው።

አንድ ፋብሪካ “ስድስት ደቂቃ ያሙቁ” ብሎ ሲጽፍ ስድስት ደቂቃውን የለካው በራሱ የሙከራ ክፍል ባለ አንድ ማይክሮዌቭ ነው። በአሜሪካ ለሚሸጡ በርካታ ምግቦች ያ ማይክሮዌቭ ባለ 1100 ዋት ሲሆን ይህም ብዙ ጊዜ ከመመሪያው አጠገብ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል። በተማሪዎች ማደሪያ፣ በመሥሪያ ቤት መመገቢያ ወይም በጠባብ የኪራይ ቤት የሚገኘው ትንሽ ማይክሮዌቭ ግን አብዛኛውን ጊዜ 700 ዋት ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች በስድስት ደቂቃ ውስጥ ለምግቡ የሚሰጡት ሙቀት በፍጹም እኩል አይደለም።

ከዋት ወደ ደቂቃ

ዋት ማለት በእያንዳንዱ ሰከንድ የሚለቀቅ የኃይል መጠን ነው። ነገሩ በርሜልን በቧንቧ እንደ መሙላት ነው። ሰፊው ቧንቧ በስድስት ደቂቃ የሚሞላውን በርሜል ጠባቡ ቧንቧም ይሞላዋል፤ ግን ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። በርሜሉን የሚሞላው የውኃው ድምር እንጂ የቧንቧው ስፋት ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ስሌቱ ቀላል ነው። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ጊዜ ማሸጊያው ታሳቢ ባደረገው ዋት ይባዛል፤ ውጤቱም በቤት ውስጥ ላለው ማይክሮዌቭ ዋት ይካፈላል። ስድስት ደቂቃ በ1100 ሲባዛ 6600 ይሆናል። ይህ ለ700 ሲካፈል 9.43 ደቂቃ፣ ማለትም 9 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገደማ ይመጣል። በሌላ አነጋገር ለ1100 ዋት የተጻፈ እያንዳንዱ ደቂቃ ባለ 700 ዋት ማይክሮዌቭ ውስጥ 1 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ ይሆናል። ባለ 900 ዋት በሆነው 1 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ፣ ባለ 800 በሆነው ደግሞ 1 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ያህል ነው።

ይህ ስሌት መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ምክንያቶቹ ከታች ይብራራሉ። ከዚያ በፊት ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነጥብ አለ፤ እርሱም በስሌቱ ውስጥ የሚገባውን ዋት ከየት ማግኘት ይቻላል የሚለው ነው።

ሁለቱ ቁጥሮች

የማይክሮዌቭ ዋት ብዙውን ጊዜ በሩ ሲከፈት በጠርዙ በኩል ወይም በመሣሪያው ጀርባ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ይገኛል። በሰሌዳው ላይ ሁለት ቁጥሮች ሊኖሩ ይችላሉ። አንደኛው መሣሪያው ከመስመር የሚስበው ኤሌክትሪክ ሲሆን ሁለተኛው ወደ ምግቡ የሚለቀው ነው። የሚስበው ምንጊዜም ከሚለቀው ይበልጣል። ልዩነቱ በመሣሪያው ውስጥ ባሉ ክፍሎች ላይ ወደ ሙቀት ተለውጦ የሚባክን ሲሆን ማራገቢያው ያንን ሙቀት በቀዳዳዎቹ በኩል ወደ ውጭ ያስወጣዋል። ለስሌቱ የሚያስፈልገው ሁለተኛው፣ የሚለቀው ቁጥር ነው።

ሁለቱን ማምታታት ምን ያህል እንደሚጎዳ በምሳሌ ማየት ይቻላል። በአንድ ማይክሮዌቭ ሰሌዳ ላይ የሚስበው 1150 ዋት፣ የሚለቀው ደግሞ 700 ዋት ተብሎ ተጽፏል እንበል። ባለቤቱ ትልቁን ቁጥር ብቻ አይቶ መሣሪያው ማሸጊያው ከጠየቀው 1100 ዋት የሚበልጥ ይመስለዋል። ስለዚህ ስድስቱን ደቂቃ ወደ 5 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ያሳጥራል። በዚህ ጊዜ ምግቡ የሚደርሰው ፋብሪካው ካሰበው ኃይል 61 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ምግቡ ከዳር ይፍለቀለቃል፤ መሀሉ ግን ገና በረዶ ሊሆን ይችላል።

በሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ከጠፋ ወይም መሣሪያው ካረጀ በቤት ውስጥ መለካት ይቻላል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለሸማቾች የሚመክረው ዘዴ አንድ ኩባያ ውኃ በበረዶ በሚገባ ማቀዝቀዝ፣ በረዶውን አውጥቶ መጣል፣ ከዚያም ውኃውን በሙሉ ጉልበት በማሞቅ እስኪፈላ የሚወስደውን ጊዜ መቁጠር ነው። ኩባያው የአሜሪካ መለኪያ ሲሆን ከ240 ሚሊ ሊትር ጥቂት ያነሰ ነው። ውኃው ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ከፈላ ማይክሮዌቩ 1000 ዋት ወይም ከዚያ በላይ ነው። በሁለት ደቂቃ ተኩል ከፈላ ወደ 800፣ በሦስት ደቂቃ ከፈላ ከ650 እስከ 700 ዋት ይሆናል። ከሦስት ደቂቃ በላይ ከወሰደ ወይም በአራት ደቂቃም ካልፈላ ከ300 እስከ 500 ዋት ያለው ደካማ መሣሪያ ነው።

ይህ ዘዴ ግን የተዘጋጀው ውኃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ለሚፈላባቸው ዝቅተኛ ቦታዎች ነው። በአዲስ አበባ፣ በአሥመራ ወይም በሌሎች የአካባቢው ደጋማ ከተሞች ውኃ ቀድሞ ይፈላል። ከባሕር ጠለል በላይ 2300 ሜትር ከፍታ ላይ የመፍያው ነጥብ ወደ 92 ዲግሪ ይወርዳል። ስለዚህ በደጋ የሚኖር ሰው በዚህ መንገድ ሲለካ ውኃው ቶሎ ስለሚፈላ ማይክሮዌቩ ከእውነተኛው ጉልበቱ የበለጠ ይመስለዋል። ከዚያም የምግቡን ጊዜ ያለአግባብ ያሳጥራል።

ከፍታ የማያዛባው ሌላ ዘዴ አለ፤ የሚጠይቀውም አንድ የምግብ ቴርሞሜትር ነው። አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ለማይክሮዌቭ በሚሆን ሳህን ይደረግና ሙቀቱ ይለካል። ከዚያ በሙሉ ጉልበት ልክ አንድ ደቂቃ ይሞቃል፤ ወዲያውኑ ተማስሎ እንደገና ይለካል። ሙቀቱ የጨመረበት የሴልሺየስ ዲግሪ ብዛት በ70 ሲባዛ የመሣሪያው ዋት ይገኛል። ለምሳሌ ውኃው ከ18 ዲግሪ ወደ 27 ቢወጣ ጭማሪው ዘጠኝ ነው፤ ዘጠኝ በ70 ሲባዛ 630 ዋት ይሆናል። 70 የሚለው ቁጥር የመጣው አንድ ሊትር ውኃን በአንድ ደቂቃ ውስጥ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ በግምት 70 ዋት ስለሚያስፈልግ ነው። ሳህኑም ጥቂት ሙቀት ስለሚወስድ ውጤቱ ከእውነቱ በመጠኑ ዝቅ ሊል ይችላል። ይህ ስሕተት ግን ጊዜውን ወደ ማስረዘም የሚያመራ በመሆኑ ጉዳቱ አነስተኛ ነው።

ሙከራውን ሁለት ጊዜ መድገም፣ በተለይም ኤሌክትሪክ በሚዋዥቅበት አካባቢ በተለያየ ሰዓት ማድረግ ይመከራል። በምሽት ብዙ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ ምግብ ሲያበስልና የመስመሩ ቮልቴጅ ሲወርድ የማይክሮዌቩም ጉልበት ይቀንሳል። ቀን 700 የሆነው መሣሪያ ማታ ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል፤ የተለጠፈው ሰሌዳ ግን ይህን አይናገርም።

አንድ ምግብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

በማሸጊያው ላይ ያለው መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ አይደለም። 450 ግራም የሚመዝን፣ በረዶ የሆነ ሩዝ በዶሮ አለ እንበል። ዶሮው በፋብሪካ አስቀድሞ የበሰለ ነው። መመሪያው እንዲህ ይላል፦ የላይኛውን ፕላስቲክ ይብሱ፤ በ1100 ዋት ማይክሮዌቭ አራት ደቂቃ ያሙቁ፤ ፕላስቲኩን ገለጥ አድርገው ያማስሉ፤ ሁለት ደቂቃ ይጨምሩ፤ ከዚያ ሁለት ደቂቃ ይቆይ።

ቤት ውስጥ ያለው ማይክሮዌቭ 700 ዋት ከሆነ እያንዳንዱ የማሞቂያ ክፍል ለየብቻው ይሰላል። አራቱ ደቂቃ 6 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ይሆናል። ሁለቱ ደቂቃ 3 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ ይሆናል። ማማሰሉ በሁለቱ መካከል ይቀራል። ሁሉንም ደምሮ ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ያህል በአንድ ጊዜ መጫን ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም የማማሰሉ ሥራ በዳር የተከማቸውን ሙቀት ወደ መሀል መውሰድ ነው።

የመጨረሻው ሁለት ደቂቃ ግን በስሌቱ ውስጥ አይገባም። በዚያን ጊዜ ማይክሮዌቩ ስለማይሠራ ዋቱ ምንም ለውጥ አያመጣም። ይህ ጊዜ እንደ ትርፍ ነገር የሚዘለልም አይደለም። ሙቀቱ ከጋለው ክፍል ወደ ቀዘቀዘው ቀስ እያለ የሚተላለፈው በዚህ ጊዜ ነው። በሁሉም ማይክሮዌቭ ቢያንስ ማሸጊያው ያለውን ያህል፣ ምግቡ እንደተከደነ ሊቆይ ይገባዋል።

ከቆየ በኋላ ቴርሞሜትሩ በምግቡ መሀል ይገባል፤ ቀጥሎም በሁለት ወይም በሦስት ሌሎች ቦታዎች ይለካል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ዶሮ ላለባቸው ምግቦችና እንደገና ለሚሞቁ የተረፉ ምግቦች የሚያስቀምጠው መጠን 165 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 74 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በምሳሌው ምግብ ዳሩ 88 ሲያሳይ መሀሉ 63 ቢያሳይ ምግቡ አልደረሰም። የሚወሰደው የዳሩና የመሀሉ አማካይ ሳይሆን ዝቅተኛው ቁጥር ነው። እንደገና ይማሰላል፤ አንድ ደቂቃ ይጨመራል፤ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይለካል። ያን ጊዜ መሀሉ 78 ካሳየና ከ74 በታች የሆነ ቦታ ካልተገኘ ሥራው አብቅቷል።

በዚህ ምሳሌ ለዚያ ምግብና ለዚያ ማይክሮዌቭ ትክክለኛው ጊዜ ከስሌቱ አንድ ደቂቃ በለጠ። ይህንን በማስታወሻ መያዝ ጠቃሚ ነው። ተመሳሳይ ምግብ ሲገዛ መነሻው ስሌቱ ሳይሆን ይህ የተፈተነ ጊዜ ይሆናል። ያም ቢሆን የመሀሉን ሙቀት መለካት አይቀርም።

ስሌቱ ለምን ብቻውን አይበቃም?

ማይክሮዌቭ ምግብን እንደ ምድጃ ከውጭ ወደ ውስጥ ብቻ አያሞቅም፤ ብዙ ሰው እንደሚያስበውም በአንድ ጊዜ ሁሉንም ቦታ እኩል አያሞቅም። ሞገዱ ወደ ምግቡ የሚዘልቀው ለጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው፤ እየገባ በሄደ ቁጥርም ይዳከማል። ከዚያ በላይ ያለውን መንገድ ሙቀቱ ራሱ ከክፍል ወደ ክፍል እየተላለፈ መጓዝ አለበት፤ ይህ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል።

በረዶ በሆነ ምግብ ላይ ችግሩ ይከብዳል። ፈሳሽ ውኃ የማይክሮዌቭን ሞገድ በደንብ ይቀበላል፤ በረዶ ግን የሚቀበለው እጅግ በጥቂቱ ነው። በመሆኑም በአንድ ጥግ ላይ ትንሽ ክፍል ቀድማ ስትቀልጥ ከጎረቤቷ ይልቅ ሞገዱን ትቀበላለች፤ ስለዚህም ይበልጥ ትግላለች። የጋለው እየጋለ፣ የቀዘቀዘው ባለበት ይቆያል። አንድ ሳህን ምግብ በዳሩ እየፈላ በመሀሉ ጠጣር በረዶ የሚገኝበት ምክንያት ይህ ነው። በዳር የሚታይ መፍለቅለቅና እንፋሎት ምግቡ መድረሱን የማያረጋግጡትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቴርሞሜትር ከሌለ ጥቂት ምልክቶችን መመልከት ይቻላል። እንፋሎቱ ከዳር ብቻ ሳይሆን ከመላው ምግብ መውጣት አለበት። የማሸጊያው ሳህን በጥንቃቄ ከፍ ተደርጎ የታችኛው መሀሉ ሲዳሰስ በደንብ የጋለ መሆን አለበት። በሚማሰልበት ጊዜ ማንኪያው የሚነካው ቀዝቃዛ ወይም ጠጣር ቦታ መኖር የለበትም። እነዚህ ምግቡ አለመድረሱን ለማወቅ ይረዳሉ፤ መድረሱን ግን በእርግጠኝነት አይነግሩም። 60 ዲግሪና 74 ዲግሪ ለጣትም ለምላስም ያው “ትኩስ” ናቸው።

ማይክሮዌቩ ከማሸጊያው ሲበረታ

እስካሁን የተነገረው ስለ ደካማ ማይክሮዌቭ ነው። ተቃራኒውም ያጋጥማል። በአውሮፓ በሚሸጡ ምግቦች ላይ ጊዜው ለ700፣ ለ800 ወይም ለ900 ዋት ተብሎ ይጻፋል። በብሪታኒያ ደግሞ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ከ1992 ጀምሮ ከዋቱ በተጨማሪ ከኤ እስከ ኢ ባሉ የላቲን ፊደላት ማይክሮዌቮችን የሚመድብ ምልክት ሥራ ላይ ውሏል። ኤ ደካማው ሲሆን ኢ ብርቱው ነው። በማይክሮዌቩና በማሸጊያው ላይ ያለው ፊደል ከገጠመ ስሌት አያስፈልግም። ማሸጊያው ለ700 ዋት ብቻ ጽፎ ቤት ውስጥ ያለው 1200 ዋት ሲሆን ግን አንድ ነገር ማድረግ ግድ ነው።

በተመሳሳይ ስሌት ለ700 ዋት የተጻፈው አምስት ደቂቃ ባለ 1200 ዋት በሆነው 2 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ይሆናል። የኃይሉ ድምር እኩል ነው። የተቀነሰው ግን ሙቀቱ ከዳር ወደ መሀል ለመጓዝ የሚያገኘው ጊዜ ነው። በዚህ አጭር ጊዜ ዳሩ ሊደርቅና ሊያር ይችላል፤ መሀሉ ደግሞ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል። የተቃጠለ ጠርዝ ያየ ሰው ደግሞ ምግቡ ከሚገባው በላይ እንደበሰለ አድርጎ ያስባል፤ ሳይለካም ይመገባል።

ስለዚህ ማይክሮዌቩ ከማሸጊያው በብዙ ሲበልጥ የሚሻለው ጊዜውን ማሳጠር ሳይሆን ጉልበቱን መቀነስ ነው። አብዛኞቹ ማይክሮዌቮች ከአንድ እስከ አሥር የሚደርስ የጉልበት መምረጫ አላቸው። ማሸጊያው የሚፈልገው 700 ለ1200 ሲካፈል 0.58 ገደማ ይሆናል፤ ይህም ወደ ስድስት ይጠጋል። በስድስት ላይ መሣሪያው በአማካይ 720 ዋት ይሰጣል። ከዚያ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው አምስት ደቂቃ እንዳለ ሊወሰድ ይችላል።

በብዙ ማይክሮዌቮች ይህ መምረጫ የሞገዱን ጥንካሬ አይለውጥም፤ መሣሪያው በየተወሰነ ሰከንድ እየበራና እየጠፋ እንዲሠራ ያደርገዋል። ድምፁ ከፍና ዝቅ ሲል የሚሰማው ለዚህ ነው። በሚጠፋባቸው ሰከንዶች ሙቀቱ ወደ መሀል የመግባት ዕድል ያገኛል፤ ዳሩም ይተነፍሳል። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ፣ ለምሳሌ ማሸጊያው 1000 ብሎ ቤት ያለው 1100 ከሆነ፣ ጉልበቱን መቀየር ሳያስፈልግ ጊዜውን በጥቂቱ አሳጥሮ መለካት ይበቃል።

ስሌቱ የማይሠራባቸው ምግቦች

ጊዜን ማስተካከል የሚቻለው ማሸጊያው ማይክሮዌቭን ሲፈቅድ ብቻ ነው። በረዶ ሆነው ከሚሸጡ የዶሮ ምግቦች መካከል አንዳንዶቹ ከላይ በዳቦ ፍርፋሪ ተሸፍነው ወርቃማ ቀለም ስላላቸው የበሰሉ ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ያለው ሥጋ ግን ጥሬ ነው። ማሸጊያቸው ምግቡ ጥሬ መሆኑንና በምድጃ ብቻ እንዲበስል ይገልጻል። ለእነዚህ ምግቦች የምድጃውን ደቂቃ ወደ ማይክሮዌቭ የሚቀይር ስሌት የለም፤ መሞከርም አደገኛ ነው።

ሁለተኛው ገደብ የልዩነቱ ስፋት ነው። አንዳንድ አምራቾች ምግባቸው ከተወሰነ ዋት በታች ባለው ማይክሮዌቭ እንዳይሞቅ በግልጽ ይጽፋሉ። ይህ የሆነው ደካማ መሣሪያ ምግቡን ባክቴሪያ በሚራባበት ለብ ያለ ሙቀት ላይ ለረጅም ጊዜ ሊያቆየው ስለሚችልና የመሀሉ መድረስም አስተማማኝ ስለማይሆን ነው። እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ባለበት ጊዜን በማስረዘም ማለፍ አይቻልም። ማሸጊያው የምድጃ መመሪያ ካለው እርሱ ይመረጣል።

ሦስተኛው የምግቡ ብዛት ነው። ማሸጊያው ለአንድ የተጻፈ ከሆነ ሁለት ምግብ አብሮ ማስገባት ሞገዱ ለሁለት እንዲከፈል ያደርገዋል፤ በደካማ ማይክሮዌቭ ላይ ይህ ሲጨመር ስሌቱ ከመስመር ይወጣል። አንዱን ጨርሶ ሌላውን ማስገባት ይሻላል።

አንዳንድ ማሸጊያ ደግሞ ጊዜውን ብቻ ጽፎ ዋቱን ይተዋል፤ ወይም “ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ” ይላል። በዚህ ጊዜ ማካፈል የሚቻልበት ቁጥር የለም። ደካማ ማይክሮዌቭ ያለው ሰው ከረጅሙ ቁጥር ይጀምራል፤ ብርቱ ያለው ከአጭሩ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ምግቡን አማስለው፣ አቆይተው፣ መሀሉን ይለካሉ። 74 ዲግሪ ካልደረሰ በአንድ አንድ ደቂቃ፣ ወይም ማይክሮዌቩ ብርቱ ከሆነ በ30 ሰከንድ እየጨመሩ ይቀጥላሉ።